ያልተጻፈው ዜሮ

43 ገጹን በሙሉ አንድም ስሕተት ሳላገኝበት ጨረስኩት። አራት ሜትር ከፍታ ላለው የአፈር መደገፊያ ግንብ የተዘጋጀ የዲዛይን ሪፖርት ነበር። ሥራዬ የሌሎች መሐንዲሶችን ስሌት ከሥር ከመሠረቱ መርምሬ፣ በመመዘኛ ቅጹ ላይ ነጥብ ሰጥቼ፣ ይለፍ ወይም ይመለስ ማለት ነው። ሁልጊዜ እንደማደርገው ሪፖርቱን ከማንበቤ በፊት የግንቡን ልክ ብቻ ወስጄ በባዶ ወረቀት ላይ ራሴ አሰላሁት። ከዚያ ሪፖርቱን ያዘጋጀችውን ወጣት መሐንዲስ ገጾች ከፈትኩ። ቁጥሮቻችን እስከ መጨረሻው አሃዝ ገጠሙ።

እንዲህ ያለ ሪፖርት በየቀኑ አይመጣም። መለኪያ አሃዶቹ ከመስመር መስመር አይዘበራረቁም፤ እያንዳንዱ ቀመር ከመተካቱ በፊት በምልክት፣ ከተተካ በኋላ በቁጥር ተጽፏል፤ ሠንጠረዦቹ ንጹሕ ናቸው። በመመዘኛ ቅጹ ላይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው «የስሌት ትክክለኛነት» ነው፤ እዚያ ላይ ሙሉ ነጥብ ጻፍኩ። ልፈርም ስል ግን የመሠረቱን ስፋት አንድ ጊዜ ላረጋግጥ ብዬ ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘውን ንድፍ ዘረጋሁት። ስፋቱ ልክ ነው፤ 2.6 ሜትር። እጄ ወደ ቅጹ ሊመለስ ሲል ዓይኔ ግን ንድፉ ላይ ቀረ።

በግንቡ አካል ላይ አንዲት ቀዳዳ የለችም። ከጀርባው የጠጠር ንጣፍ የለም፤ ከሥሩ ውሃ የሚሰበስብ ቱቦ የለም። ኮንክሪቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድፍን ነው፤ ከኋላው ደግሞ አፈር። ዝናብ ሲዘንብ ወደዚያ አፈር የሚገባው ውሃ በየት በኩል ይወጣል? ወደ ስሌቱ ተመልሼ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። «ውሃ» የሚለው ቃል በ43 ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

## የግማሽ ሜትር ውሃ

ግንቡ የቆመው በክብደቱ ነው። አፈሩ ከኋላ ይገፋል፤ ግንቡና በመሠረቱ ላይ የተጫነው አፈር ደግሞ በክብደታቸው መሬቱን ይዘው ይቋቋማሉ። ሪፖርቱ የተነሣው አንድ ሜትር ኩብ አፈር 18 ኪሎኒውተን ይመዝናል፣ የውስጥ ሰበቃ አንግሉ 30 ዲግሪ ነው ከሚል ነው። በእነዚህ ቁጥሮች የአፈሩ ግፊት እንዲህ ይመጣል፦

```
Ka = tan²(45° − 30°/2) = 1/3
Pa = ½ × 1/3 × 18 × 4² = 48 kN/m
```

በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ 48 ኪሎኒውተን ወደ ፊት ይገፋል ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት 155 ኪሎኒውተን ያህል ነው። በኮንክሪቱ ሥርና በመሬቱ መካከል ያለው ሰበቃ የክብደቱን ግማሽ ይይዛል ተብሎ ተሰልቷል፤ ስለዚህ ግንቡን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል 77 ኪሎኒውተን ገደማ ነው። ያዡን ለገፊው ስናካፍለው 1.61 ይመጣል። የሚጠበቀው ቢያንስ 1.5 ነው። አለፈ። ለመገልበጥም ተፈትሾ የሚጠበቀው 2 ሲሆን እሷ ያገኘችው 3.8 ገደማ ነው። ያም በሰፊው አለፈ።

አሁን ውሃውን እናስገባው። ክረምቱ በርትቶ፣ መውጫ ያጣው ውሃ ከግንቡ ጀርባ እስከ አናቱ ሞላ እንበል። ውሃ ውስጥ የገባ አፈር ይቀልላል፤ ስለዚህ የአፈሩ ግፊት ብቻውን ሲታይ ከ48 ወደ 27 ይወርዳል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ውሃው የጠቀመ ሊመስለው ይችላል። ውሃው ራሱ ግን 78 ኪሎኒውተን ይዞ ይመጣል፤ አፈር በእርስ በርስ ሰበቃው የግፊቱን ከፊል ለራሱ ያስቀራል፣ ውሃ ግን ምንም አያስቀርም። ድምሩ 105 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ። በዚያ ላይ ውሃው በመሠረቱ ሥር ገብቶ ግንቡን ወደ ላይ ማንሣት ይጀምራል፤ 51 ኪሎኒውተን ያህል ከክብደቱ ይቀንሳል። 1.61 የነበረው ቁጥር ወደ 0.55 ይወርዳል። ከአንድ በታች ማለት ግንቡ ተንሸራቷል ማለት ነው።

«እስከ አናቱ መሙላቱ ማጋነን ነው» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ ውሃውን ዝቅ እያደረግኩ ደጋገምኩት። ግማሽ ከፍታው ላይ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ሲደርስ 1.08 ሆነ። አንድ ሜትር ላይ 1.39። ግማሽ ሜትር ላይ 1.52። እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ ቁጥሩን ለጥቂት ጊዜ ተመለከትኩት። ግማሽ ሜትሩ የሚለካው ከመሠረቱ ታች ነው፤ የመሠረቱ ውፍረት ራሱ 40 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ «አልፏል» ያለው ግንብ የሚያልፈው ከመሠረቱ ኮንክሪት በላይ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ብቻ ነው። አንድ እጅ ተዘርግቶ የሚለካት ስንዝር እንኳ አትሞላም።

ሰው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ይባላል። የዚህ ሪፖርት ውሃ ሲያሳስቅ እንኳ አልታየም፤ ከነጭራሹ አልተጠራም።

## «የምትመዝነው የተጻፈውን ነው»

አጠገቤ ለሚሠራ የሥራ ባልደረባዬ አሳየሁት። ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ንድፉን አየ፣ ስሌቱን አየ፣ ከዚያም «ስሌቱ ምን ስሕተት አለበት?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ነጥቡን ስጣትና ንድፉ ላይ የውሃ ማስወጫ ይጨመር ብለህ አስተያየት ጻፍ። መደገፊያ ግንብ ጀርባ ውሃ እንዳይቋጠር መደረግ እንዳለበት ማንም መሐንዲስ ያውቃል። የታወቀውን ሁሉ ትጻፍ ካልክ ሪፖርቱ መጽሐፍ ሊሆን ነው። አንተ የምትመዝነው የተጻፈውን ነው፤ ያልተጻፈውን አይደለም።»

ይህ አነጋገር ቀላል አይደለም፤ ያን ዕለት ማታ እቤት ገብቼም አብሮኝ ነበር። እውነትም አለበት። ኮንክሪት ከተጠበቀው ጥንካሬ ይደርሳል፣ የመሬት ስበት አይለወጥም፣ ብረቱ በተሳለበት ቦታ ይታሠራል፤ እነዚህን ሁሉ የሚዘረዝር ሪፖርት ማንም አያነብም። በሙያ ውስጥ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር አለ፤ ሙያ የሚባለውም በከፊል እሱ ነው።

የተቸገርኩት ግን ይህ ግንብ የዚያ ዓይነት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። «ማንም ያውቃል» የተባለው ነገር ንድፉ ላይ የለም። ንድፉን የሳለው ሰው አላወቀም፤ ወይም ያውቃል ግን ስሌቱ በእሱ ላይ የቆመ መሆኑን አላወቀም። ግንበኛው የሚያየው ንድፉን ነው። ስሌቱን ከሠራችው ወጣት በስተቀር፣ ምናልባትም እሷን ጨምሮ፣ ግንቡ የሚቆመው ደረቅ ሆኖ ብቻ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም ማለት ነው። ታሳቢ የተደረገ ነገር ሲጻፍ ለአንድ ሰው የተሰጠ ሥራ ይሆናል፦ ቀዳዳውን ሳል፣ ጠጠሩን አንጥፍ፣ ቱቦው ሲደፈን ጥረግ። ካልተጻፈ ግን ሥራው ባለቤት ያጣል።

ሌላም ነገር አለ። «ስሌቱ ትክክል ነው» ስል ምን ማለቴ ነው? 48 ኪሎኒውተን ትክክል ነው፤ ለየትኛው ጥያቄ? ጥያቄው «ደረቅ አፈር ይህን ግንብ ስንት ይገፋዋል?» ከሆነ አዎን። «በዚህ ቦታ ላይ የሚሠራው ግንብ ይቆማል ወይ?» ከሆነ ግን ስሌቱ ትክክልም ስሕተትም አይደለም፤ ያንን ጥያቄ አልመለሰም። ሪፖርቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ፣ በማጠቃለያው ላይ ሁለተኛውን እንደ መለሰ ተናግሯል። «ግንቡ በሁሉም ረገድ አስተማማኝ ነው» ይላል የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር። በሁሉም ረገድ! የሒሳብ ስሕተት ፍለጋ 43 ገጽ ስገለብጥ የዋልኩት ሰውዬ፣ ትልቁ ስሕተት በቃላት ተጽፎ ማጠቃለያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

## ምልክት የማይተው ነገር

በማግስቱ ሪፖርቱን እንደገና አነበብኩት፤ ይህን ጊዜ ግን ቁጥሮቹን ለማረጋገጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት መጣ? እያንዳንዱ ቀመርስ ምን ጎደለው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ከኋላ ወደ ፊት ሄድኩ። ጠርጥር፤ ከገንፎ መካከል አይጠፋም ስንጥር እንዲሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላሉ ነው። 30 ዲግሪ ከየት መጣ? ሪፖርቱ ላይ የአፈር ምርመራ ውጤት አልተጠቀሰም። 0.5 የሰበቃ መጠንስ? እሱም እንዲሁ በድንገት ብቅ ይላል። ይህች 0.5 በተለይ አሳሰበችኝ፤ ምክንያቱም ወደ 0.45 ብትወርድ 1.61 የነበረው 1.45 ይሆናል፤ ግንቡ በደረቁም አያልፍም። እንዲህ ያለ ቁጥር ቢያንስ በዓይን ይታያል። ገጹ ላይ ተቀምጧል፤ ጣትህን ጭነህበት «አንተ ከየት ነህ?» ልትለው ትችላለህ።

የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። የውሃ ግፊት ዜሮ ነው ብሎ ማሰብ ወረቀት ላይ ምንም ምልክት አይተውም። «የውሃ ግፊት = 0» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የመጀመሪያው አንባቢ ቅንድቡን ያነሣ ነበር። ግን ዜሮ የሆነ ነገር ከቀመሩ ውስጥ ይወጣል፤ የወጣ ነገር ደግሞ አይታይም። እኔም ራሴ ከሪፖርቱ በፊት በባዶ ወረቀት ስሠራ ያሰላሁት ያንኑ 48 ነው። ቁጥሮቻችን የገጠሙት ሁለታችንም አንዱን ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ስለተውነው ነው። ራስን ችሎ ማስላት የስሌት ስሕተትን ይይዛል፤ የጋራ ዝምታን ግን አይይዝም። ይህ ለዓመታት ስኮራበት የነበረው የአሠራር ዘዴዬ ስለሆነ ማመኑ ቀላል አልሆነልኝም።

ቀመሩ ራሱም የራሱን ታሳቢዎች ተሸክሞ ይመጣል። የተጠቀመችበት የራንኪን ቀመር ከ1857 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ግንቡ ጥቂት ወደ ፊት መንቀሳቀስ መቻሉን ይጠይቃል። አፈሩ ግፊቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ የሚልለት ግንቡ ሲላወስለትና እርስ በርሱ ሲያያዝ ነው፤ በደንብ ለታጨቀ አሸዋ የግንቡ ከፍታ አንድ ሺህኛ ያህል ይበቃል፤ እዚህ አራት ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን ለቆመ ግንብ አራት ሚሊሜትር ችግር አይደለም። ያው ግንብ አናቱ በወለል ኮንክሪት ተይዞ የምድር ቤት ግድግዳ ቢሆን ግን አይንቀሳቀስም፤ ግፊቱም ከ48 ወደ 72 ይወጣል። ቀመሩ ይህን አይነግርህም። ቁጥር ብትሰጠው ቁጥር ይመልስልሃል።

ከዚህ በኋላ የማንም ሪፖርት ሲመጣልኝ ከስሌቱ በፊት ንድፉን መዘርጋት ጀመርኩ። ዝም የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ስሌቱና ንድፉ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ አንዱ የሚያስበውን ሌላው ካላወቀ፣ መሐላቸው ያልተነገረ ነገር አለ።

## ታሳቢው ሲቀር፣ ስሌቱ ሲጓዝ

ለባልደረባዬ መልስ ስፈልግ ወደ አእምሮዬ የመጣው ከግንብ በጣም የራቀ ነገር ነው። ሰኔ 4 ቀን 1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች፤ ወደ 40 ሰከንድ ገደማ ከበረረች በኋላ ከመንገዷ ወጥታ ተበታተነች። አቅጣጫዋን የሚከታተለው ሶፍትዌር ከቀድሞዋ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። እዚያ ውስጥ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር 16 ቢት ወዳለው ጠባብ ቦታ ይገባ ነበር። ለአሪያን 4 ይበቃል፤ ቁጥሩ ከቦታው ሊያልፍ እንደማይችል ተጠንቶ ያለ መከላከያ የተተወ ነው። አሪያን 5 ግን በአግድም የምትፈጥን ሮኬት ነበረች። ቁጥሩ ከቦታው አለፈ፤ ተጠባባቂው መሣሪያም ያንኑ ሶፍትዌር የያዘ ስለነበረ ሁለቱም ተከታትለው ሥራ አቆሙ።

ጉዳዩን የመረመረው ቡድን ካሰፈራቸው ነገሮች መካከል አንዱ ሁልጊዜ ይመለስብኛል፦ ያ ቁጥር ያለ መከላከያ የተተወበት ምክንያት በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ በቀጥታ ተጠቅሶ አልተገኘም። ውሳኔው ተራ ግዴለሽነት አልነበረም፤ ታስቦበት የተወሰነ ነው። ግን ስሌቱ ወደ አዲሲቱ ሮኬት ሲሻገር ሐሳቡ ከአሮጌዋ ጋር ቀረ።

የግንቡም ስሌት እንደዚያው ይጓዛል። ጥሩ የተሠራ ሪፖርት ይገለበጣል፤ አንድ ሰው «አራት ሜትር ነው አይደል? ይኸው የተፈተሸ አለ» ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ሪፖርቱ ባማረ ቁጥር ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። የተዝረከረከ ስሌት ማንም አይገለብጥም። «ማንም መሐንዲስ ያውቃል» የሚለው የባልደረባዬ ክርክር የሚሠራው ሪፖርቱን የሚያነቡት ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት፣ ያንን ቦታ እያሰቡ የተቀመጡ ሲሆኑ ነው።

## ስንጠይቃት

ወጣቷን መሐንዲስ ጠራኋት። ነጥቧ ምን እንደሆነ ሳልነግራት ንድፉን ፊቷ ዘርግቼ «ውሃው በየት ይወጣል?» አልኳት።

አልተደናገጠችም። «የተሞላው አፈር ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠራማ ነው ብዬ ነው፤ ሥሩም ተዳፋት ስላለው ይፈስሳል።»

«የት ጻፍሽው?»

ዝም አለች። ገጾቹን ትገለብጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልገለበጠችም። እንደሌለ ታውቃለች። «ስጀምር ማስታወሻዬ ላይ ነበር» አለችኝ በመጨረሻ፤ «ሪፖርቱ ላይ ስሌቱ ብቻ የሚፈለግ መሰለኝ።»

ከዚያ አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረችኝ። በግንቡ ፊት ለፊት መሠረቱን የሚሸፍን አፈር አለ፤ እሱም ግንቡ እንዳይንሸራተት መጠነኛ ድጋፍ ይሰጣል። በስሌቷ ውስጥ አልቆጠረችውም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ነገ አንድ ሰው ቧንቧ ሊቀብር ይቆፍረዋል እኮ፤ በዚያ መመካት ፈራሁ» አለች። ይህ በሪፖርቱ ውስጥ ካለው ሁሉ የበለጠ የመሐንዲስ አስተሳሰብ ነው። እኔ ግን ስፈትሽ «የፊቱን አፈር አልቆጠረችም፤ ችግር የለውም» ብዬ አልፌው ነበር። ረስታው ይሁን አስባበት መለየት አልቻልኩም። ዝምታዋ ድክመቷን ብቻ ሳይሆን ብልህነቷንም ሸሽጎባታል። መዛኝ ሁለቱን ዝምታዎች ከወረቀት ላይ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ገጹ ላይ ሁለቱም ባዶ ቦታ ናቸው።

«ስሌቱ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሻለሁ፤ አልቀንሰውም» አልኳት። «ማጠቃለያሽ ግን ስሌቱ ያላለውን ስለሚል ሪፖርቱን ማሳለፍ አልችልም።» ቅጹ ላይ «ይመለስ» የሚለውን ምልክት ሳደርግ አየችኝ። ከፍቷታል፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። እኔንም ቀሎኝ አይደለም፤ ከእሷ ያነሱ ሪፖርቶችን አሳልፌ አውቃለሁ።

## 26 ታሳቢዎች

በሦስተኛው ቀን የተስተካከለውን ላከችልኝ። መጀመሪያው ላይ «ታሳቢዎችና ውስንነቶች» የሚል አዲስ ምዕራፍ አለ፤ ከ1 እስከ 26 የተዘረዘሩ ነጥቦች። አፈሩ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ኮንክሪቱ በሚገባ ተቦክቶ ይሞላል። ግንባታው በጥሩ ሙያ ይከናወናል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ፣ በሁለት ረዣዥም ነጥቦች መካከል፣ «ከግንቡ ጀርባ ውሃ አይኖርም» ይላል።

ሳነበው ልቤ ወረደ። በመጀመሪያው ሪፖርት ውሃው በዝምታ ተደበቀ፤ በዚህኛው ደግሞ በጩኸት። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ የሚጽፈው ኋላ ላይ ለመከላከያ ነው፤ አንድ ነገር ሲፈርስ «ይኸው ጽፌ ነበር» ለማለት። አሥራ ዘጠነኛውን ነጥብ አንብቦ ቀዳዳ የሚስል ሰው ግን የለም።

እንደገና ተቀመጥን። 26ቱን አንድ በአንድ ይዘን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፦ ይህ ሐሰት ቢሆን መልሱ ይለወጣል? በምን ያህል? ኮንክሪቱ አንድ ሜትር ኩቡ 24 ኪሎኒውተን ነው የሚለውን ወደ 23 ብናወርደው 1.61 ወደ 1.59 ይሄዳል። ይውጣ። ግንባታው በጥሩ ሙያ ይከናወናል የሚለው ሊለካ አይችልም፤ ለማንም የሚሰጠው ሥራም የለም። ይውጣ። የ0.5 ሰበቃ ግን ትንሽ ብትቀንስ ግንቡን ትጥላለች፤ ትቆይ፤ ከየት እንደመጣችም ይጻፍ። የአፈሩ አንግል ይቆይ። የፊቱ አፈር አለመቆጠሩ፣ ከነምክንያቱ፣ ይቆይ። ውሃው ይቆይ፤ አንደኛ ይሁን። አራት ቀሩ።

ከዚያ የውሃውን ዓረፍተ ነገር ልናስተካክል ረዥም ጊዜ ፈጀን። «ውሃ አይኖርም» የሚለው ምኞት ነው፤ ውሃ ይኖራል። እሷ እርሳሱን ይዛ የውሃውን ከፍታ እያወጣችና እያወረደች አሰላች፤ እኔ ያን ቀን ብቻዬን የደረስኩበት ግማሽ ሜትር ላይ ራሷ ደረሰች። ቁጥሩን ስታየው የተናገረችው አንድ ቃል ነው፦ «ይህች ብቻ?»

በመጨረሻ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ስሌት የሚጸናው ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ ከመሠረቱ ታች ተለክቶ ከ0.5 ሜትር በላይ እስካልወጣ ድረስ ነው። ከዚያ ካለፈ የመንሸራተት መከላከያው ከ1.5 በታች ይወርዳል፤ ውሃው አናቱ ላይ ከደረሰ ግንቡ ይንሸራተታል። ይህን ለመጠበቅ በንድፉ ላይ የተመለከቱት የጠጠር ንጣፍ፣ የመሰብሰቢያ ቱቦና የማስወጫ ቀዳዳዎች የግንቡ አካል ናቸው።» ማጠቃለያው ላይ «በሁሉም ረገድ» የሚለው ተሰርዞ «ከላይ በተጠቀሱት አራት ሁኔታዎች ውስጥ» ተባለ።

ባልደረባዬ አዲሱን ሪፖርት አነበበው። ስለ ክርክራችን ምንም አላለኝም። ንድፉን ዘርግቶ ዝቅተኛው የቀዳዳ ረድፍ ከመሠረቱ ታች በስንት ከፍታ ላይ እንደሆነ በማስመሪያ ለካው፤ 70 ሴንቲሜትር ነበር። ማስመሪያውን እዚያው እንደያዘ ወደ እኔ ቀና አለ፤ «ውሃው ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ግማሽ ሜትሩን ያልፋል እኮ» አለኝ። ንድፉ ላይ የውሃ ማስወጫው ተስሏል፣ ታሳቢውም ተጽፏል፤ ሁለቱ ግን አሁንም አይተዋወቁም ነበር። ቱቦው ከሥር ስላለ ውሃው በእሱ በኩል ይወርዳል ልንል እንችላለን፤ ቱቦው የተደፈነ ዕለት ግን የቀረን ቀዳዳው ብቻ ነው። ስልኬን አንሥቼ ወጣቷን ጠራኋት፤ ቀዳዳው ፊት ለፊት ካለው መሬት በታች ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ወይ መሠረቱን ማስፋት ወይ ግንቡን እንደገና ማሰብ ነው። ከኋላ ካለው አፈር ሥር የሚገባው የመሠረቱ ተረከዝ በ20 ሴንቲሜትር ረዝሞ ስትመጣ፣ የውሃው ገደብ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተቀይሮ ነበር፤ እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል የአፈርና የኮንክሪት ጭማሪ ከደረቁ 1.61 ወደ 1.76 አድርሶታል። ቅጹን ያን ዕለት ፈረምኩት።